600 ቻርጀር ከማዘዜ በፊት ፎቶው ላይ ያየሁት

መርካቶ ውስጥ ትንሽ የስልክ ዕቃ ሱቅ አለችኝ። ገመድ፣ ኢርፎን፣ ከቨር፣ ቻርጀር እሸጣለሁ። አምና «ኦሪጅናል ሳምሰንግ ነው» ተብዬ 200 ቻርጀር በፎቶ ብቻ አይቼ ገዛሁ። ፎቶው ያምራል፣ ማሸጊያው ነጭና ንጹህ ነው፣ ጽሑፉም በቦታው ያለ ይመስላል። በ3 ሳምንት ውስጥ 41ዱ ተመለሱብኝ። አንዷ ደንበኛዬ ቻርጀሩን በፌስታል ይዛ መጥታ «እህቴ፣ ይሄ ነገር ያቃጥላል፣ ልጄ እጁን አንስቶ ነው የጮኸው» አለችኝ። ገንዘቧን መለስኩላት። ያን ቀን ማታ የቀረውን ከመደርደሪያ አወረድኩት።

ዘንድሮ እንደገና ማዘዝ ነበረብኝ። ከሁለት ጎረቤት ሱቆች ጋር ገንዘብ አዋጥተን 600 ባለ 25 ዋት የሳምሰንግ ቻርጀር ልናዝ አሰብን። ፈቃድ ያለው አስመጪ ጓደኛችን ሊያስገባልን ተስማማ። ጓንዡ ያለ አቅራቢ በቴሌግራም 8 ፎቶ ላከልን። አንዱ ቻርጀር 2 ዶላር ከ60 ሳንቲም ነው አለ፣ በጠቅላላ 1,560 ዶላር። 30 በመቶ ቀብድ፣ ማለትም 468 ዶላር፣ እስከ ዓርብ ክፈሉ ብሎ አስቸኮለን።

ዓርብ እስኪደርስ አራት ቀን ነበረኝ። ቀጥሎ የምጽፈው በነዚያ አራት ቀናት ያደረግኩትን ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ፎቶ አንድ ዕቃ ፌክ መሆኑን ሊያሳይ ይችላል። ኦሪጅናል መሆኑን ግን በፍጹም አያረጋግጥም። እና ፎቶውን ሳይ የምፈልገው «አትክፈዪ» የሚለኝን ምልክት ነው። አንድ ጠንካራ ምልክት ካገኘሁ እዚያው አቆማለሁ። ምንም ካላገኘሁ ወደሚቀጥለው ደረጃ እሄዳለሁ እንጂ ወደ ባንክ አልሄድም።

የመጀመሪያው ሥራዬ ማወዳደሪያ መግዛት ነበር። ከኩባንያው ወኪል ሱቅ ሄጄ አንድ ባለ 25 ዋት ቻርጀር በደረሰኝ ገዛሁ። ያ አንዱ ቻርጀር የጅምላ ዋጋውን ብዙ እጥፍ አስወጥቶኛል፣ ግን ያለሱ ሁሉም ነገር ግምት ነው የሚሆነው። በጭንቅላታችሁ ያለው የኦሪጅናል ምስል አይበቃም፤ ብዙዎቻችን ለዓመታት ስንነካካ የኖርነው ኮፒውን ነው። ማሸጊያውን በስድስቱም ጎን፣ ቻርጀሩን በሁሉም በኩል በደንብ ብርሃን ባለበት ፎቶ አነሳሁት።

ሁለተኛው የሚነበብ ፎቶ ማግኘት ነው። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ተራ ምስል ስትልኩት ያጠበዋል፣ ትንንሹ ጽሑፍ ይደበዝዛል። እኛ ደግሞ የምንፈልገው ያንኑ ትንሽ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ አቅራቢውን «እንደ ፋይል ላክልኝ» በሉት። እንደ ፋይል ሲላክ ሙሉ መጠኑ ይመጣል፣ አንዳንዴም ፎቶው የተነሳበት ቀንና የስልኩ ዓይነት አብሮ ይገኛል። ቀኑን ማስተካከል ይቻላል፣ ስለዚህ አትመኩበት፣ ግን «ዛሬ ያነሳሁት ነው» ያላችሁ ፎቶ የሁለት ዓመት ከሆነ ያ ራሱ መልስ ነው። ዊቻት ላይም ሙሉ መጠኑን የሚልክ ምርጫ አለ።

ሙሉው ፋይል ሲመጣ እያንዳንዱን ፎቶ ጉግል ሌንስ ላይ ፈለግኩ። ከ8ቱ ሦስቱ ሌላ አገር ያሉ የመስመር ላይ ሱቆች ገጽ ላይ ተገኙ፣ አንደኛው እንዲያውም ጥግ ላይ የሌላ ሱቅ ስም በደብዛዛው ይታይበት ነበር። ያንዴክስ ላይም ሞክሩት፣ ጉግል ያላገኘውን አንዳንዴ ያገኛል። የተወሰደ ፎቶ ብቻውን ፌክነትን አያሳይም፣ ሐቀኛ ነጋዴም የአምራቹን ፎቶ ይጠቀማል። የሚያሳየው ነገር ግን ይሄ ፎቶ የምትገዙት ዕቃ ፎቶ አለመሆኑን ነው። ሦስቱን ጣልኳቸው። የቀሩት አምስቱ ጠረጴዛ ላይ በስልክ የተነሱ ናቸው፣ የሱ ይመስላሉ።

ከአምስቱ በሁለቱ ላይ አርማው በአውራ ጣት ተሸፍኗል። አንዱ ላይ ነጭ ስቲከር ተለጥፎበታል። አምና እንዲህ ዓይነቱን ሳይ ፎቶ አነሳሱ ነው ብዬ አልፌው ነበር። አሁን ምክንያቱን አውቃለሁ። ትልልቆቹ የመስመር ላይ ገበያዎች ያለፈቃድ የታወቀ ምልክት የሚሸጥን ሰው ገጽ ይዘጋሉ፣ ስለዚህ ኮፒ የሚሸጥ ሰው ለገበያው ፎቶ ሲያነሳ አርማውን ይሸፍናል፣ ስሙንም ፊደል እያጣመመ ይጽፋል። ኦሪጅናል የሚሸጥ ሰው የሚሸሽገው ነገር የለም።

አሁን ዋናው ጉዳይ ጋ ደረስን። ቻርጀሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ።

ቻርጀር ላይ የሚጻፈው ነገር የሒሳብ ጉዳይ ስለሆነ መርማሪ መሆን አያስፈልግም። ቮልቱን በአምፔሩ ስታባዙ ዋቱ ይመጣል፣ በቃ። የገዛሁት ኦሪጅናል ላይ የሞዴሉ ቁጥር EP-TA800 ነው። የሚያወጣውን ኃይል ሲዘረዝር 9 ቮልት በ2.77 አምፔር ይላል። 9 በ2.77 ሲባዛ 24.93 ይሆናል፣ ማለትም 25 ዋት። ቀጥሎ ደግሞ እስከ 11 ቮልት በ2.25 አምፔር ይላል፣ እሱም 24.75 ነው። ማሸጊያው 25 ዋት ይላል፣ ሰውነቱ ላይ ያለው ቁጥርም 25 ዋት ይላል። ተስማሙ።

የአቅራቢውን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። ማሸጊያው ላይ 25 ዋት ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ሞዴሉም EP-TA800 ይላል። የታችኛውን ትንሽ ጽሑፍ ለማንበብ ደጋግሜ አጎላሁት፣ ብርሃኑን ከፍ አደረግኩት። 9 ቮልት በ1.67 አምፔር ይላል። አባዛሁት። 15.03።

15 ዋት ነው። መጀመሪያ በደንብ ያላነበብኩት መሰለኝ። የጎረቤቴን ልጅ ጠርቼ «አንቺ አንብቢልኝ» አልኳት፣ እሷም ያንኑ አነበበች። ከዚያ ሳስብ ቁጥሩን የት እንደማውቀው ትዝ አለኝ። 9 ቮልት በ1.67 አምፔር የዱሮው ባለ 15 ዋት ቻርጀር፣ የ EP-TA20፣ ቁጥር ነው። የዱሮው ቻርጀር ገመዱ የሚሰካበት ቀዳዳ ሰፊው፣ አራት ማዕዘኑ ነው። ፎቶው ላይ ያለው ግን አዲሱ፣ ሞላላው ታይፕ ሲ ነው። ስለዚህ ፎቶው ላይ ያለው የአዲሱ ሞዴል ቅርጽ፣ የአዲሱ ሞዴል ስም እና የዱሮው ሞዴል ቁጥር ናቸው። ይሄ በፋብሪካ ስህተት የሚመጣ ነገር አይደለም። አንድ ሰው የዱሮውን ጽሑፍ አንስቶ አዲሱ ፕላስቲክ ላይ አትሞታል።

ሁሉም ኮፒ እንዲህ አይሳሳትም። ቁጥሩን አንድ በአንድ አስተካክለው የሚገለብጡ አሉ። ስለዚህ ቁጥሩ ትክክል ከሆነ አትደሰቱ፣ ቀጥሉ። ቁጥሩ ስህተት ከሆነ ግን ሌላ ማስረጃ መፈለግ አያስፈልግም።

እኔ ግን ከጎረቤቶቼ ጋር ስለሆንኩ እነሱን ማሳመን ነበረብኝ። አንደኛው «በአንድ ቁጥር ብለሽ ይሄን ዋጋ እናጣለን?» አለኝ። ስለዚህ ቀጠልኩ።

መሰኪያዎቹን አየሁ። እኛ አገር የምንጠቀምበት ባለ ሁለት ክብ እግር መሰኪያ በአውሮፓ መለኪያ የእግሩ ውፍረት 4 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 19 ሚሊ ሜትር ነው። ከሥሩ ግማሽ ያህሉ፣ ወደ 10 ሚሊ ሜትር፣ በፕላስቲክ የተሸፈነ መሆን አለበት። ጫፉ ብቻ ነው ብረት የሚሆነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ቻርጀሩ ከሶኬቱ ግማሽ ወጥቶ ሳለ የሕፃን ጣት ቢገባ የሚነካው ፕላስቲኩን እንዲሆን ነው። አቅራቢው የላከው ፎቶ ላይ እግሮቹ ከሥር እስከ ጫፍ የሚያብረቀርቅ ብረት ናቸው። ይሄ ምልክት ከፌክነት በላይ ነው፣ ሰው ይጎዳል። ምንም ስም ቢኖረው እንዲህ ዓይነቱን ዕቃ ሱቄ አላስገባም። ያቺ ልጇ የጮኸባት ደንበኛዬ ትዝ አለችኝ።

ብዙ ሰው የሚያምንባቸው ሁለት ምልክቶች አሉ፣ እነሱ ላይ ግን ጊዜ አታጥፉ። አንዱ የሲኢ ምልክት ነው። «ፊደሎቹ ከተራራቁ የአውሮፓ ነው፣ ከተጠጋጉ ቻይና ኤክስፖርት ማለት ነው» ይባላል። ቻይና ኤክስፖርት የሚባል ሕጋዊ ምልክት የለም። የተጠጋጋው በስህተት የተሳለ ሲኢ ነው። ፊደሎቹ የተጣበቁ ከሆነ ጥርጣሬ መጨመሩ ልክ ነው፣ ግን በትክክል የተሳለ መሆኑ ምንም አያረጋግጥም፤ ምልክቱን የሚያትመው አምራቹ ራሱ ነው፣ ኮፒ የሚሠራውም በቀላሉ ያትመዋል።

ሌላው ባርኮዱ ነው። በ880 የሚጀምር ባርኮድ ቁጥሩ ከኮሪያ ድርጅት መሰጠቱን ነው የሚናገረው፣ ዕቃው ኮሪያ መሠራቱን አይደለም። ኦሪጅናሉም ቬትናም ወይም ሌላ ቦታ ሊሠራ ይችላል። ግን ባርኮዱ ላይ አንድ የሚጠቅም ሒሳብ አለ። ከ13ቱ ቁጥሮች የመጨረሻው መቆጣጠሪያ ነው። ለምሳሌ 8801234567893 የሚል ቢሆን፣ የመጨረሻዋን 3 ትታችሁ ከግራ 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ እያላችሁ ያሉትን ደምሩ፣ 28 ይመጣል። 2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ እያላችሁ ያሉትን ደግሞ ደምሩ፣ 33 ይመጣል፣ በ3 አባዙት፣ 99። ሁለቱን ስትደምሩ 127። ወደሚቀጥለው ሙሉ አሥር፣ ወደ 130፣ ለመድረስ 3 ይጎድላል። የመጨረሻው ቁጥር 3 መሆን አለበት ማለት ነው። ካልሆነ ወይ አሳስታችሁ አንብባችኋል ወይ ቁጥሩ የፈጠራ ነው። የኔ አቅራቢ ባርኮድ ይሄን ፈተና አልፏል። እንዲያውም ከገዛሁት ኦሪጅናል ማሸጊያ ባርኮድ ጋር አንድ ነበር። ፌክ ዕቃ ላይ ትክክለኛ ባርኮድ ማለት ነው፤ ከማሸጊያው ላይ ገልብጠውታል። ጎረቤቴ ባርኮዱን በስልኩ ስካን አድርጎ «ይኸው ትክክል ነው!» ብሎኝ ስለነበር ነው ይሄን በዝርዝር የጻፍኩት።

ከዚያ ሐሙስ ጠዋት ለአቅራቢው አዲስ ፎቶ ጠየቅኩት። እዚህ ላይ የምትጠይቁት ነገር አስቀድሞ ተዘጋጅቶ የማይቆይ መሆን አለበት። «ሌላ ፎቶ ላክ» ካላችሁት ከስልኩ ማከማቻ ያለውን ይልካል። እኔ እንዲህ አልኩት፤ ወረቀት ላይ የሱቄን ስምና የዛሬን ቀን በእጅህ ጻፍ፣ ከሦስት የተለያዩ ካርቶኖች አንዳንድ ማሸጊያ አውጣ፣ ወረቀቱን ከጎናቸው አድርገህ የሲሪያል ቁጥራቸው እንዲታይ አንሳ። ቀጥሎ አንዱን ቻርጀር የትንሽ ዕቃ ሚዛን ላይ አስቀምጠህ አንሳ። ሥራውን የሚያከብር አቅራቢ ይሄን በአሥር ደቂቃ ይጨርሰዋል።

ማታ ላከ። መላኩን አመሰግናለሁ፣ ብዙዎቹ እዚህ ላይ ይጠፋሉ ወይም ይቆጣሉ። ሦስቱ ማሸጊያዎች ላይ ያለው ሲሪያል ቁጥር አንድ ነው። ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ቁጥር። ጠየቅኩት፣ «አንድ ባች ስለሆኑ ነው» አለኝ። የባች ቁጥር ለብዙ ዕቃ አንድ ሊሆን ይችላል፣ ሲሪያል ቁጥር ግን ለእያንዳንዱ ዕቃ የተለያየ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ፤ አንዳንድ ርካሽ ዕቃዎች፣ እንደ ገመድ ያሉት፣ ኦሪጅናላቸውም ላይ የባች ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ለዚህ ነው ማወዳደሪያውን ቀድማችሁ ግዙ ያልኩት፣ የትኛው ቁጥር የቱ እንደሆነ እሱ ላይ ታያላችሁ።

ሚዛኑ ደግሞ ከኔው 11 ግራም ያነሰ አሳየ። ለአንዲት ትንሽ ቻርጀር 11 ግራም ብዙ ነው። ውስጡ ያሉት ክፍሎች ሲቀነሱ፣ ትራንስፎርመሩ ሲያንስ ክብደቱ ይወርዳል። አንዳንዶች ይሄን ስለሚያውቁ ውስጡ ብረት ይጨምራሉ፣ ስለዚህ ክብደቱ ቢገጥም ማለፊያ አይደለም። ሲቀል ግን ጥሩ ምልክት አይደለም።

ለጎረቤቶቼ ስልኩን ሰጠኋቸውና ሦስቱን ሲሪያል ቁጥር ራሳቸው እንዲያነቡ አደረግኩ። ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም። አስመጪው ጓደኛችንም ደስ አለው፤ በንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የምልክቱ ባለቤት ሊከስ ይችላል፣ ዕቃው የሚገባው ደግሞ በሱ ፈቃድ ነው።

ለአቅራቢው ጻፍኩለት፤ ቁጥሩ የ15 ዋት ነው፣ እግሩ አልተሸፈነም፣ ሲሪያሉ አንድ ነው፣ አንገዛም። ትንሽ ቆይቶ «ኤ ግሬድ ነው፣ ገበያ ላይ ያለው ሁሉ ይሄ ነው» አለኝ። ለነገሩ ኤ ግሬድ፣ ፈርስት ኮፒ፣ የፋብሪካ ትርፍ የሚሉት ቃላት ራሳቸው ኮፒ ማለት ናቸው። ገና ከጅምሩ ብትሰሟቸው ሌላውን ሁሉ ሳትለፉ ታቆማላችሁ።

በመጨረሻ ያዘዝነው የታወቀ ስም የሌለው፣ በራሱ ስም የሚሸጥ ባለ 20 ዋት ቻርጀር ነው። ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል። ፎቶውን በዚያው መንገድ ፈተሽኩት፤ 9 ቮልት በ2.22 አምፔር፣ 19.98፣ እግሩ ተሸፍኗል፣ ከሦስት ካርቶን የመጡት ሦስት ሲሪያሎች የተለያዩ ናቸው። ከዚያም 600ውን ሳናዝ በፊት 5 ብቻ በካርጎ አስመጣን። እነዚያን 5ቱን «ለናሙና» ብሎ ያዘጋጃቸውን እንዲልክ አልፈቀድንለትም፤ ካርቶን ሲከፍትና ከመሐል ሲያወጣ ሳያቋርጥ ቪዲዮ እንዲቀርጽ ጠየቅነው፣ ሲሪያላቸውንም ከቪዲዮው ላይ ጻፍን። ሲደርሱ ቁጥሩ ገጠመ። ለአንድ ሳምንት እኔና ጎረቤቶቼ ስልካችንን በነሱ ስንሞላ ከረምን፣ ለብ ይላሉ እንጂ አያቃጥሉም።

ቀብዱን ስንልክ የተስማማንባቸውን ፎቶዎች ፕሮፎርማው ላይ አስገብተን፣ የሚጫነው ዕቃ ጽሑፉ፣ እግሩና ክብደቱ ከነዚህ ፎቶዎች ካልገጠመ ቀሪውን 70 በመቶ እንደማንከፍል ጻፍን። አቅራቢውም በማህተሙ አጸደቀው። ከመጫኑ በፊትም ከተለያዩ ካርቶኖች የ6 ቻርጀር ፎቶ በቀንና በወረቀት ልኮ፣ እኔ አንድ በአንድ ካየሁት በኋላ ነው ቀሪው የተከፈለው።